ለብጁ ሥራ ዋጋ ሲነገር ዝርዝሩ ለደንበኛ ይታይ ወይስ አይታይ?

ጥያቄው፦ «የእንጨት ሥራ ቤት ከከፈትሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። የዕቃውን ወጪ አስልቼ በሁለት አባዛና ዋጋ እናገራለሁ። ደንበኛው ‹ለምን ይህን ያህል?› ሲለኝ ግን የምመልሰው ይጠፋኛል። ዝርዝሩን ላሳየው ወይስ ቁርጥ ዋጋ ነግሬ ዝም ልበል?»

አናጺው (ዝርዝሩ ይታይ)

መልስ የሚጠፋህ በሁለት ማባዛት ስሌት ስላልሆነ ነው። አንዳንድ ጊዜ ይገጥማል፤ ሲገጥም ግን በአጋጣሚ ነው። አንድ ባለ ሁለት በር ቁም ሳጥን እንውሰድ፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ10፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር። አንዱ የኤምዲኤፍ ቦርድ 1 ሜትር ከ22 በ2 ሜትር ከ44 ነው። ሁለቱ ጎኖች 60 እና 60 ሆነው፣ መጋዙ ከሚበላው ጋር፣ ከአንድ ቦርድ ይወጣሉ። ሁለቱ በሮች ከሁለተኛው፣ ጣሪያው፣ ወለሉና ሁለቱ መደርደሪያዎች ከሦስተኛው። ለጀርባው አንድ ስስ ቦርድ ይጨመራል።

የቦርድ ዋጋ ስለሚዋዥቅ ለስሌት እንዲመች ብቻ ወፍራሙን 5,000፣ ስሱን 2,000 ብር እንበል። ማጠፊያ፣ እጀታ፣ ብሎን፣ የጠርዝ ልጥፍና ኮላ 4,000 ቢሆን ዕቃው 21,000 ይመጣል። ሥራው አራት ቀን ይፈጃል። ለእኔ በቀን 1,200፣ ለረዳቴ 500 ሲታሰብ 6,800 ይሆናል። ኪራይ፣ መብራትና መጋዝ የማሳል ወጪ በቀን 750 ከያዙ በአራት ቀን 3,000 ናቸው። ማጓጓዣው 1,200። ድምሩ 32,000 ነው፤ ለትርፍና ለተበላሸ ነገር 4,000 ጨምሬ 36,000 እላለሁ። በሁለት ያባዛ ሰው 42,000 ብሎ ደንበኛውን ለጎረቤቱ ይሸኛል። ያው ሰው 3,000 ብር የሚያወጣ ዋንዛ ይዞ ስድስት ቀን የሚቀረጽ ወንበር ቢሠራ ደግሞ 6,000 ይልና ከዕቃው የተረፈው 3,000 ለረዳቱ ደመወዝ ያልቃል። የራሱ ጉልበት በነጻ ሄደ ማለት ነው።

እነዚህን ቁጥሮች አንድ ወረቀት ላይ ጽፈህ ለደንበኛው ብትሰጠው የሚጠይቅህ አይኖርም።

ልብስ ሰፊዋ (ቁርጥ ዋጋ ይበቃል)

ወንድሜ፣ ስሌትህ ሸጋ ነው። ለራስህ ደብተር ነው እንጂ ለደንበኛ ዓይን ግን አይሆንም። ልጁ የጠየቀው እንዴት እንደሚደመር ሳይሆን እንዴት እንደሚናገር ነው። እኔ የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። ጨርቁና ጥለቱ ከሸማኔ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ደንበኛዋ ራሷ ገዝታ ታመጣዋለች። ያኔ የማባዛው ዕቃ የለኝም፤ የምሸጠው እጄን ነው። ቀኑን ቆጥሬ ካስረዳኋት «ሁለት ቀን ብቻ ለፈጀ ይህን ያህል?» ትለኛለች። ጀማሪ ሳለሁ አራት ቀን የፈጀብኝን ቀሚስ ዛሬ በሁለት ቀን እጨርሳለሁ። ዋጋዬ በቀን ቢቆጠር እጄ ስለፈጠነ ልቀጣ ነው?

ዝርዝር ጽፌ ያየሁትም አለ። ገበር ይህን ያህል፣ ዚፕ ይህን ያህል፣ ክር ይህን ያህል ብዬ ለአንዲት ደንበኛ ሰጠሁ። ወረቀቱን ይዛ መርካቶ ወረደች፤ ርካሽ ገበር ገዝታ መጣችና «የእጅሽን ብቻ ንገሪኝ» አለችኝ። ሰፋሁላት። በመጀመሪያው እጥበት ገበሩ ሰበሰበ፤ የቀሚሱ ጫፍ ወደ ውስጥ ተጠቀለለ። የተወቀሰው ገበሩ ወይም የሸጠላት ሰው አልነበረም፤ እኔ ነበርሁ።

ስለዚህ እኔ በቁጥር አላስረዳም። ሁለት የተሰፉ ናሙናዎች አሉኝ፤ ገልብጬ አሳያለሁ። አንደኛው ስፌቱ ውስጥ አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ጨርቅ ተርፎበት ጫፉ በኦቨርሎክ ተዘግቷል። ሁለተኛው ሦስት ሳንቲ ሜትር ተትቶለታል፣ ገበር ለብሷል፣ ጥለቱ በመገጣጠሚያው ላይ ከጥለት ጋር ተገናኝቷል። «ይህኛው ብትወፍሪ ይሰፋልሻል፤ ያኛው አይሰፋም» እላታለሁ። የሁለቱን ዋጋ እነግራታለሁ፤ መርጣ ትሄዳለች። ስለ ትርፌ የጠየቀችኝ ሴት እስከ ዛሬ የለችም።

አናጺው

እትዬ፣ እርስዎ ናሙናውን ገልብጠው ሲያሳዩ ዝርዝሩን አሳዩ ማለት ነው፤ በወረቀት ፈንታ በጨርቅ ሆነ እንጂ። ስለ ትርፉ ግን እቀበላለሁ። 36,000 ውስጥ 4,000 ትርፍ ነው ብዬ ብጽፍ ክርክሩ ሁሉ በዚያ በ4,000 ላይ ይሆናል። ስለዚህ ለደንበኛ የሚሰጠው ወረቀት ላይ ዕቃ፣ ሥራ፣ ማጓጓዣ ተብሎ ይጻፍ፤ የቤቱ ወጪና ትርፉ በሥራው ውስጥ ይግቡ።

በእኛ ሥራ ግን ያለ ወረቀት የማይገባ ነገር አለ። ደንበኛው «ጥልቀቱን 5 ሳንቲም ብቻ ጨምርልኝ» ይልና ዋጋ ሲጨመርበት ያኮርፋል። 65 እና 65 ሲደመር 1 ሜትር ከ30 ነው፤ ቦርዱ 1 ሜትር ከ22። ሁለቱ ጎኖች ከአንድ ቦርድ መውጣታቸው ቀረ። ጣሪያው፣ ወለሉና መደርደሪያዎቹም ከአንድ ቦርድ አራቱም ይወጡ የነበሩት አሁን ሦስት ብቻ ይወጣሉ። ሦስቱ ቦርድ አምስት ሆነ ማለት ነው፤ 10,000 ብር ጭማሪ። የቦርዱን ሥዕል በእርሳስ ሠርቼ ቁርጥራጮቹን ስደረድርለት ግን ያለ ንትርክ ይገባዋል። መፍትሔም እዚያው ይታያል። የውስጥ መደርደሪያዎቹን 56 ሳንቲ ሜትር ካደረግኋቸው ከጎኖቹ የተረፈው ረጅም ቁራጭ ይበቃቸዋል፤ ጭማሪው ወደ አንድ ቦርድ ይወርዳል። ቁርጥ ዋጋ ብቻ ብነግረው «አምስት ሳንቲም አምስት ሺህ ብር?» ብሎ ይሄድ ነበር።

ዕቃ ገዝቶ ለሚመጣውም መላ አለ። ደረሰኙ ላይ «ገበሩ የደንበኛ ነው፤ ከመሰፋቱ በፊት አልታጠበም» ብለው ይጻፉና ያስፈርሟት። የእጅ ዋጋዎም ያኔ ከፍ ይበል፤ ዕቃ አቅርበው ያገኙት የነበረው ትንሽ ትርፍ ቀርቷልና።

ልብስ ሰፊዋ

የቦርዱን ሥዕል ወድጄዋለሁ፤ ጥለት ለማገናኘት ጨርቅ ለምን እንደሚባክን ለማሳየት እኔም እሞክረዋለሁ። ፊርማው ግን ይከብደኛል። የጎረቤቴን ልጅ የሠርግ ቀሚስ ስሰፋ እናቷን «ፈርሚ» ብላት ሰፈሩ ምን ይለኛል? እኔ የማደርገው ገበሩን ፊቷ ነክሮ ማየት ነው። አንድ ክንድ ቆርጬ ዳሩን በክር ምልክት አድርጌ እነክረዋለሁ፤ ደርቆ ሲለካ ካጠረ አልሰፋበትም።

ያንተን ቀብድ ግን አልነገርኸንም። ብዙ አናጺ ግማሽ ተቀብሎ ሥራ ይጀምራል።

አናጺው

ግማሽ እዚህ ላይ ያከስራል። የ36,000 ግማሽ 18,000 ነው፤ ዕቃው ብቻ 21,000። ደንበኛው ቢጠፋ በልኩ የተቆረጠ ቦርድ ለሌላ ቤት አይሆንም። ስለዚህ ቀብዴ የዕቃው ሙሉ ዋጋ ነው፤ በተቀበልሁበት ቀንም ቦርዱን እገዛለሁ። ዋጋው ለአንድ ሳምንት ብቻ እንደሚጸና ወረቀቱ ላይ እጽፋለሁ፤ በወሩ መጥቶ የድሮውን ዋጋ የሚጠይቅ ሞልቷልና።

ልብስ ሰፊዋ

ለሸማኔው የሚከፈለውን እኔም አስቀድሜ እቀበላለሁ። ከዚያ በላይ ስጠይቅ ግን «አታምኚኝም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ይህን በወረቀት የምትፈታ ከሆነ ንገረኝ፤ እኔ አልሆነልኝም። ለልጁ ግን አንድ ነገር ልጨምርለት፤ ዋጋውን ከተናገርህ በኋላ ደንበኛው ዝም ሲል ደንግጠህ ራስህ መቀነስ አትጀምር። ዝም ያለው ገንዘቡን እየቆጠረ ሊሆን ይችላል። ቀንስ ካለህ ከሥራው ቀንስ፤ እጀታውን ወይም አንዱን መደርደሪያ አውጣና አዲሱን ዋጋ ንገረው።