ማስተካከያ፦ ስለ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ የነገርኩህ

«እትዬ፣ ፍርድ ቤት በዚህ አቤቱታ ልቀቁት ካለ ሰውየው ከክሱ ነፃ ወጣ ማለት ነው ብለሽኝ ነበር። እውነት ነው?»

አይደለም፤ ያሳሳትኩህ እኔ ነኝ፣ ይቅርታ። አቤቱታው የሚጠብቀው ሰው ከሕግ ውጭ ተይዞ እንዳይቆይ ነው። ጥፋተኛነቱን ጨርሶ አይመረምርም።

አንድ ልጅ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ተያዘ እንበል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት፣ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። ሐሙስ ድረስ ካልቀረበ እናቱ ስለ እርሱ ማመልከት ትችላለች። በማን እጅ፣ የት እንደተያዘ ጽፋ በቃለ መሐላ ታረጋግጣለች። ፍርድ ቤቱም ያዡን «ልጁን ይዘህ ቅረብ፤ የያዝክበትንም ምክንያት አስረዳ» ብሎ ያዛል። ልጁ ራሱ ዳኛው ፊት መቆሙን ልብ በልልኝ፤ የአቤቱታው ጉልበት እዚያ ላይ ነው። ምክንያቱ ሕጋዊ ካልሆነ ወዲያው ይለቀቃል።

ዐቃቤ ሕግ ግን ማስረጃ ካለው፣ ልጁ ከተለቀቀ በኋላም ሊከሰው ይችላል። ዳኛ በሕጉ መሠረት የምርመራ ጊዜ ፈቅዶ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፤ የዋስትና ጥያቄ ወይም ይግባኝ።