ማስተካከያ፦ ስለ ከዚራው ቤት ውርስ በቤተሰብ የተነጋገርነውን ጠቅልዬ የላክሁት ማጠቃለያ

«ወንድም ጋሼ፣ ቤቱ ይሸጥ ብዬ የተስማማሁት መቼ ነው? የንግግራችንን የድምፅ ቅጂ እስቲ መልሰህ ስማው።»

ሰማሁት እህቴ፤ አልተስማማሽም። 41ኛው ደቂቃ ላይ ስለ ሽያጩ ሳወራ «እሺ… እሺ» ትያለሽ፤ ከጀርባ የሲኒ ድምፅ አለ። ያ «እሺ» እየሰማሁ ነው ማለት ነበር። ቀጥሎ «ሁለተኛው ቡና፣ ቶናው ይቅረብ?» ብለሽ ወሬው ተቀየረ። እኔ ግን «ተስማምታለች» ብዬ ጻፍኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።

የጅቡቲው ወንድማችንም እንዲሁ። «ብንሸጠው ስንት ያወጣል?» ብሎ ጠየቀ እንጂ ይሸጥ አላለም፤ ዋጋው ሳይነገረው መስመሩ ተቋረጠ። የሱን ዝምታ እንደ ፈቃድ መቁጠሬ የባሰ ስህተት ነው፤ የጋራ ንብረት ያለ ሁሉም ባለድርሻ ስምምነት አይሸጥም።

ሌላም አለ። «ቤቱ ለአራት ይከፈላል» ያልኩት ትክክል አይደለም። ቤቱ እማማና አባባ በትዳር ሳሉ ያፈሩት ስለሆነ ግማሹ የእማማ ነው፤ ለውርስ የሚቀርበው የአባባ ግማሽ ብቻ ነው። እማማ ራሷ «የኔን አትንኩ» ስትል በግልጽ ይሰማል፤ በዘለልኩት ቦታ ላይ።

ሁላችንም በአንደበታችን የተስማማነው አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፦ የመንገድ ዳሩ ሱቅ ኪራይ በየወሩ ለእማማ ይገባል። ሽያጩም፣ የጓሮዋ ሰርቪስ ቤት ለማን እንደምትሆንም ገና አልተወሰነም። የቀድሞውን ወረቀት የፈረመ ካለ ይመልስልኝ።