ሐምሌ ገባ፣ መቶ እግርም ገባ

ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽንት ቤት ልሄድ ተነስቼ ነጠላ ጫማዬ ውስጥ እግሬን ስከት የሆነ ነገር ተላወሰ። ጮኼ አልጋ ላይ ወጣሁ። በስልኬ መብራት ሳየው መቶ እግር ነው፤ የጣቴን ያህል የሚረዝም፣ ጠፍጣፋ፣ ቀይ ቡኒ፣ እንደ እብድ እየሮጠ ቁምሳጥኑ ሥር ገባ። እስኪነጋ እግሬን መሬት አላስነካሁም።

ለአከራዬ ብነግራቸው «ልጄ፣ ቤት ጠረግ ጠረግ ሲደረግ እኮ አይገባም» አይሉኝም! እኔ በቀን ሁለቴ የምጠርግ ሰው! እትዬ፣ ችግሩ መጥረጊያው አይደለም፣ ደፉ ነው። ሦስተኛ ክረምቴ ነው፣ በደንብ አጥንቻቸዋለሁ።

እኛ ሁሉንም «መቶ እግር» እንላለን እንጂ ሁለት ዓይነት ናቸው። የሚሮጠው ጠፍጣፋው ሌላ ነፍሳት አድኖ የሚበላ ነው፣ ሰውም ይነክሳል፣ ያማል፣ ያብጣል። ሲነኩት እንደ ገመድ የሚጠቀለለው ድቡልቡሉ ግን የበሰበሰ ቅጠል የሚበላ ምስኪን ነው፣ አይናከስም። ብቻ ሲያስጨንቁት የሚለቀው ፈሳሽ አለ። የጎረቤቴ ልጅ አንዱን ይዞ ሲጫወት ጣቱ ቡናማ ሆኖ ቀረ፣ በሳሙና ብናጥበውም ለቀናት አለቀቀም። ዓይኑን ቢያሽበት ኖሮ ጉድ ነበር። ከእነሱ ጋር የሚመጣ ሦስተኛ አለ፤ እሱ መቶ እግር አይደለም፣ ጭራው ላይ ጉጠት ያለው ነው። ጎረቤቴ «ጆሮ ገብቶ ይፈለፍላል» ብላ ልጆቿን ጥጥ ወትፋ ነው የምታስተኛቸው። ኧረ እሱቴ ጆሮ አይፈልግም! ሆዱንም ጀርባውንም የሚነካለት ጠባብና እርጥብ ቦታ ነው የሚፈልገው።

ሦስቱም የሚኖሩት ግቢው አፈር ውስጥ፣ ድንጋይና ቅጠል ሥር ነው። የሚተነፍሱት በአካላቸው ላይ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስለሆነ፣ ዶፍ ሲወርድና አፈሩ ውሃ ሲሞላ አየር ያጡና ይወጣሉ። በጣም ደረቅ ቦታም አይችሉም፤ በተለይ ሁለቱ መቶ እግሮች ቆዳቸው ውሃ አይዝም፣ ቶሎ ይደርቃሉ። ስለዚህ የማያሰምጥ ግን እርጥብ የሆነ ነገር ፍለጋ ይጓዛሉ። እና ምን ያገኛሉ? የእኔን በር! ይሄን ያወቅሁት ጠዋት ስጠርግ ነው። አልጋዬ አጠገብ የማገኘው ድቡልቡል ሁሌ ተጠቅልሎ የደረቀ ነው፣ ደፉ ጋ ያለው ግን በሕይወት ይንቀሳቀሳል። ቤቴን ፈልገው አይደለም ማለት ነው፣ ደፉ ላይ አድረው መንገድ ስተው ነው የሚገቡት።

ደፉን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት እትዬ ግቢውን ሲሚንቶ ሲያስለብሱ ከፍ አስደርገው ከደፌ ጋር እኩል አደረጉት፣ ያውም ወደ በሩ ያዘነበለ። ጣራው አሸንዳ የለውም፣ ጠፈጠፉ በቀጥታ በሬ ሥር ነው የሚወርደው። በሩ የላሜራ ነው፣ ከሥሩ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለው። እኔ ደግሞ ጭቃ እንዳይገባ ብዬ ጆንያ አጥፌ አነጥፋለሁ። ሰኞ ጠዋት ጆንያውን ገለጥኩት፤ አሥራ ሰባት ድቡልቡል፣ እጥፋቱ ውስጥ አምስት ባለ ጉጠት፣ አንድ ሯጭ። ለካ እኔው ራሴ ነኝ አልጋ ያነጠፍኩላቸው!

ጆንያውን አንስቼ በርቀት ሰቀልኩት፣ በሩ ጋ የነበረውን የአበባ ማሰሮም አሸሸሁ። በማግስቱ ያው ዝናብ ዘንቦ አራት ብቻ ገቡ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ውስጠኛውን ላስቲክ ቆርጬ ወለሉን እንዲጠርግ አድርጌ በሩ ሥር በቡሎን አሰርኩ። ከዚያ ወዲህ ትናንት የመጣው ሯጭ ብቻ ነው፤ እሱም ጥግ ላይ ላስቲኩ በማይደርስበት በኩል ሳይሆን አይቀርም።

ግን ሊሾው አሁንም አይደርቅም። ፌስታል ከደፉ በስተ ውስጥ ወለሉ ላይ ዘርግቼ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጌ አሳደርኩት። ጠዋት ላዩ ደረቅ፣ ሥሩ ላብ ብቻ! ሲሚንቶው ውሃውን ከታች እየጠጣ ነው። ይሄን መጥረጊያ አያደርቀውም፣ ላምባም አያደርቀውም። «ላምባ አፍሺበት» ያላችሁኝ፣ አፍስሻለሁ፤ ቤቱ ሳምንት ሙሉ ሸተተ፣ ዝናቡ አጠበው፣ እነሱም ተመለሱ። የሚነፋ መድኃኒትም ገዝቻለሁ፣ ያገኘውን ይገድላል፣ ግቢው አፈር ውስጥ ያለውን ግን ምን ሊያደርገው?

የሚያስፈልገው ከበሬ በላይ ሁለት ሜትር አሸንዳ እና ውሃውን ወደ ውጭ የሚመልስ ሲሚንቶ ነው። ለእትዬ ነገርኳቸው። «መስከረም ሲጠባ ራሳቸው ይጠፋሉ» አሉኝ። ኪራይ ሲጨምሩ ግን መስከረምን አልጠበቁም፣ ሰኔ ላይ ነው የጨመሩት!

አሁን ደመናው ጠቁሯል። ጫማዬን አልጋ ላይ አድርጌያለሁ።