ማስተካከያ፦ የእናት ክትባትና የጡት ወተት

«ባለፈው “እናት ከተከተበች ልጇም በወተቷ ተከተበ ማለት ነው” ብለሃል። ታዲያ የልጄን ክትባት ባዘገየው ችግር አለው?»

አዎ፣ አለው፤ ስህተቱም የእኔ ነው። ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚያመርተው አንቲቦዲ በወተት መተላለፉ እውነት ነው፤ አብዛኛው ግን «አይ ጂ ኤ» የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ የሕፃኑን አፍ፣ ጉሮሮና አንጀት ሸፍኖ ተህዋስያንን ይይዛል እንጂ ወደ ደሙ እምብዛም አይገባም። በደም ውስጥ የሚዘዋወረውን «አይ ጂ ጂ» ሕፃኑ የሚያገኘው በእርግዝና ወቅት በእንግዴ ልጅ በኩል ነው። ስለዚህ በእርግዝናዋ መጨረሻ ወራት የትክትክ ክትባት የወሰደች እናት ልጇ ሲወለድ በደሙ አንቲቦዲ ይዞ ይወለዳል፤ ከወለደች በኋላ የተከተበችው ግን በዋናነት ራሷ ታማ እንዳታስተላልፍበት ነው የምትጠቅመው። በሁለቱም መንገድ የልጁ ክትባት በቀኑ ይሰጥ።

«ሁሉም ክትባት ለምታጠባ እናት ደህና ነው» ያልኩትም ይታረም። የጉንፋን፣ የቴታነስ፣ የኮቪድ፣ ሕያው የሆነው የኩፍኝ ክትባት ሳይቀር ችግር የለባቸውም፤ ማጥባትም አይቋረጥም። የቢጫ ወባ ክትባት ግን ይለያል። በ2009 እ.ኤ.አ. ብራዚል ውስጥ አንዲት እናት በወለደች በ15ኛው ቀን ተከተበች፤ ከ8 ቀን በኋላ ጡት ብቻ የሚጠባው ሕፃን እየተንቀጠቀጠ ሆስፒታል ገባ። የክትባቱ ቫይረስ አንጎሉን አስቆጥቶት ነበር፤ ደግነቱ ዳነ። ስለዚህ ሕፃኑ ገና ጨቅላ ከሆነ ይህ ክትባት ይቆይ፤ በሽታው ወዳለበት አካባቢ መሄድ ግድ ከሆነ ከሐኪም ጋር ይመዘን።