ማስተካከያ፦ ሱቁ የያዘው የካርድዎን ቁጥር አይደለም

«ካርዴን ሴቭ ካደረግኩ ሱቁ ሙሉ ቁጥሩን ከነሲቪቪው ይዞታል ማለት ነው፤ አለዚያ እንዴት በአንድ ክሊክ ያስከፍለኛል?»

ቁጥሩን የያዘው ብዙውን ጊዜ ሱቁ ሳይሆን ክፍያ አቀናባሪው ነው። ስትራይፕ የተባለውን አቀናባሪ የሚጠቀም የኢንተርኔት ሱቅ እንውሰድ። ቁጥሩን የሚጽፉበት ሳጥን የሱቁ ቢመስልም የስትራይፕ ነው። ቁጥሩ በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል፤ ለሱቁ የሚመለሰው `pm_` ብሎ የሚጀምር መለያ ነው። ቶክን ይሉታል። ሱቁ እሱን ያስቀምጣል፣ ለእርስዎ ለማሳየት ደግሞ የመጨረሻዎቹን 4 አሃዞች።

በሌላ ቀን «ግዛ» ሲሉ ሱቁ ቶክኑን ከራሱ ሚስጥራዊ ቁልፍ ጋር ይልካል። ስትራይፕ ትክክለኛውን ቁጥር ከመዝገቡ አውጥቶ ባንኩን ይጠይቃል። ቶክኑ ብቻውን ቢሰረቅ ሌላ ሱቅ ላይ አይሠራም።

ሲቪቪውንማ ስትራይፕም አያስቀምጥም። ክፍያው ከጸደቀ በኋላ ማቆየቱን የካርድ ደህንነት ደንቡ ይከለክላል። በተቀመጠ ካርድ ግን ያለ ሲቪቪም መክፈል ይቻላል።

ይህ ሁሉ ሲባል ቶክን ሁሉንም ሌባ አያቆምም። ሱቁ ላይ ያለዎትን አካውንት ፓስዎርድ ያገኘ ሰው በተቀመጠው ካርድ ዕቃ ሊያዝ ይችላል። የክፍያው ገጽ ላይ የተንኮል ኮድ ከገባ ደግሞ ቁጥሩ ገና ሲጻፍ ይወሰዳል። በ2018 የብሪቲሽ ኤርዌይስ ደንበኞች ካርድ የተሰረቀው እንዲህ ነው፣ ሲቪቪው ሳይቀር።