ሃያ ደቂቃ ለመጠየቅ

ውጭ አገር መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ምክር ፈላጊ ተማሪዎች ከሁለት አቅጣጫ ይጽፉልኛል። አንዳንዶቹ እዚሁ የሚማሩ ናቸው፤ ሌሎቹ አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ያሉ። የሚፈልጉት አንድ ነው፦ በሚመኙት ሙያ የሚሠራ ሰው ለጥቂት ደቂቃ እንዲያነጋግራቸው። አጠያየቃቸው ግን በጣም ይለያያል፤ ሁለቱም ወገኖች ደግሞ ሊያገኙት የሚገባቸውን መልስ ብዙ ጊዜ አያገኙም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ቢገኝላቸው ሃያ ደቂቃውን በደንብ የሚጠቀሙበት ልጆች ናቸው።

የአገር ቤቱ ተማሪ «ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ነዎት?» ብሎ ይጽፍና ይጠብቃል። ሰላምታው ሳይመለስ ጉዳይ ማንሳት ድፍረት ይመስለዋል። አክብሮቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ከስብሰባ ወደ ስብሰባ የሚሮጥ ሰው ያቺን መልእክት ሲያያት ምን እንደሚፈለግበት አያውቅም፤ «ማታ እመልሳለሁ» ብሎ ያልፋትና በሌሎች መልእክቶች ሥር ትቀበራለች። ዕድል ቀንቶት መልስ ካገኘም፣ ተከታዩ መልእክት «ምክርዎን ፈልጌ ነበር፣ ሲመችዎት ይደውሉልኝ» የሚል ነው። የምን ምክር? ስንት ደቂቃ? መቼ? ይህን ሁሉ የማሰብ ሥራ ለተጠያቂው ተወለት።

እዚህ ያለው ተማሪ ይህ ችግር የለበትም። ደብዳቤው አጭር ነው፣ ሰዓት ይጠቅሳል፣ ጉዳዩን በመጀመሪያው መስመር ይናገራል። ችግሩ ሌላ ነው፤ ያንኑ ደብዳቤ ስም እየቀየረ ለብዙ ሰው ይልከዋል። «ስለ ሙያ ጉዞዎ ብሰማ ደስ ይለኛል» ይላል። ስሜን አውጥቼ የሌላ ባለሙያ ስም ባስገባበት አንዲት ቃል መለወጥ አያስፈልገውም። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ተቀባዩ ወዲያው ይለየዋል፤ እኔ ባልመልስ ሌላ ይመልስለታል ብሎም ያለ ጸጸት ይተወዋል።

ስለዚህ ከአንዱ አክብሮቱን፣ ከሌላው ግልጽነቱን ወስዶ፣ ሁለቱም የጎደላቸውን አንድ ነገር መጨመር ነው፦ ያ ሰው ራሱ ብቻ በደንብ ሊመልሰው የሚችለውን ጥያቄ። በምሳሌ ላሳይ። የአራተኛ ዓመት የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ እናስብ፤ ወደ ሕንፃ ዲዛይን ልግባ ወይስ ወደ ውኃ አቅርቦት እያለች የምታመነታ። መምህሯ በሕንፃ ዲዛይን ጀምራ ኋላ ወደ ውኃ የዞረች መሐንዲስ ያውቃሉ። ተማሪዋ በኢሜይል እንዲህ ብትጽፍላትስ? ርዕሱ «የ20 ደቂቃ ጥያቄ፦ ከሕንፃ ዲዛይን ወደ ውኃ ሥራ ስለ መሸጋገር» ይሁን።

«ጤና ይስጥልኝ። እገሊት እባላለሁ፤ የአራተኛ ዓመት የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። አድራሻዎን የሰጡኝ መምህሬ እገሌ ናቸው፤ ስማቸውንም እንድጠቅስ ፈቅደውልኛል። በሕንፃ ዲዛይን ጀምረው ወደ ውኃ አቅርቦት እንደተሸጋገሩ ነግረውኛል። እኔም በሚቀጥለው ሴሚስተር የመመረቂያ ሥራዬን ከሁለቱ በአንዱ ላይ መምረጥ አለብኝ። ልጠይቅዎ የፈለግሁት ሁለት ነገር ነው፤ በውኃ ሥራ የመጀመሪያ ዓመታትዎ አብዛኛው ጊዜዎ በቢሮ ስሌት ነበር ወይስ በመስክ? ከሕንፃ ዲዛይን ያመጡት እውቀትስ ጠቀመዎት ወይስ ከዜሮ ጀመሩ? በመጪው ሳምንት ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ወይም እርስዎ በሚመርጡት ጊዜ፣ ለ20 ደቂቃ በስልክ ቢያነጋግሩኝ በጣም አመሰግናለሁ። ጊዜ ካጠረዎት ለሁለተኛው ጥያቄ ብቻ በጽሑፍ ሁለት መስመር ቢመልሱልኝም ትልቅ እገዛ ነው።»

ይህ ደብዳቤ በስልክ ስክሪን ላይ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይነበባል። መሐንዲሷ ተማሪዋ ማን እንደሆነች፣ ለምን እሷን እንደመረጠቻት፣ ምን ያህል ጊዜ እንደምትፈልግ ሌላ መልእክት ሳትጽፍ ታውቃለች። 20 ደቂቃ በሁለት ሥራዎች መካከል ይገባል፤ አንድ ሰዓት ግን ቀኑን ማስተካከል ይጠይቃል። «በማንኛውም ጊዜ ይመቸኛል» ማለት ትሕትና ይመስላል እንጂ ቀጠሮ የመፈለጉን ሥራ ለሌላው መተው ነው። የምትጽፍለት ሰው ሌላ አገር ካለ ደግሞ ሰዓቱን በእሱ አገር ሰዓት ጻፈው፤ እሱ እንዲያሰላ አትተወው።

ሲቪ አለመያያዙንም ልብ በሉ። ሁለቱም ዘንድ የማየው ስሕተት ሲቪ አያይዞ መላክ ነው። ሲቪ ሲመጣ ጥያቄው በአንድ ጊዜ ከምክር ወደ ሥራ ልመና ይለወጣል። ምክር በደስታ የሚሰጥ ሰው የሚቀጥርበት ቦታ ስለሌለው ብቻ ይሸማቀቅና ዝም ይላል። በውይይቱ ላይ ራሱ ከጠየቀ ይላክለት።

ስለ አማላጅ አንድ ነገር ልጨምር። አገር ቤት ዘመድ ወይም ወዳጅ ደውሎ «ይህን ልጅ አነጋግርልኝ» ሲል እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ቀጠሮው ይገኛል፣ ሰውየው ግን የሚያነጋግረው ለደዋዩ ሲል ነው። እዚህ የለመድኩት አስተዋዋቂው አስቀድሞ ሁለቱንም መጠየቁን ነው፤ ይህንን እመርጣለሁ። መምህርህን «ደውሉልኝ» ከማለት «ይህን መልእክት ልታስተላልፉልኝ ትችላላችሁ?» ብለህ ከላይ ያለውን ዓይነት ደብዳቤ ብትሰጣቸው ለእሳቸውም ይቀላል፤ ተቀባዩም ሲስማማ በፈቃዱ ነው።

መልስ ካልመጣ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ጠብቀህ አንድ ጊዜ አስታውስ፤ በዚያው ደብዳቤ ላይ፣ በሁለት መስመር፣ ያለ ወቀሳ። ከዚያ በኋላ ተወው። በሌላ ሰው በኩል ስልክ ቁጥሩን ማግኘትና ያለ ቀጠሮ መደወል የተዘጋውን በር የባሰ ይዘጋዋል።

ቀጠሮው ሲገኝ በሰዓቱ ደውል፤ ሊጠናቀቅ ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀር «ያልኩት ጊዜ እያለቀ ነው» በል። ልቀጥል ካለ የእሱ ውሳኔ ይሁን። በማግሥቱ የምትጽፈው ምስጋናም ከነገረህ አንዱን ነገር በስሙ ይጥቀስ፤ ኋላም በምርጫህ ላይ ስትወስን አሳውቀው። ብዙዎቻችን የመከርናቸው ልጆች የት እንደደረሱ ሳንሰማ እንቀራለን፤ የነገረንን ልጅ ግን ሁለተኛ ሲጽፍ አናስጠብቀውም።

የመጨረሻው ጉዳይ ለማን መጻፍ ነው። ተማሪዎች ሁልጊዜ ከላይ ይጀምራሉ፤ ለዋና ሥራ አስኪያጁ፣ ስሙ ለገነነው። ያቺ የሲቪል ተማሪ ስለ መጀመሪያ ዓመታት ሥራ ነው የምትጠይቀው፤ ይህን በደንብ የሚያስታውሰው ከተመረቀ አራት አምስት ዓመት የሆነው ሰው ነው። እሱ ቀጠሮ የሚይዝለት ጸሐፊ የለውም፣ ኢሜይሉን ራሱ ያነባል፣ እንዲህ ያለ ጥያቄም ብዙም አይደርሰውም። ሁለት ሦስት እንዲህ ያሉ ሰዎች ካነጋገረች በኋላ ወደ ሥራ አስኪያጁ ብትጽፍ ጥያቄዋ የበሰለ ይሆናል፤ ምናልባትም ካነጋገረቻቸው አንዱ ራሱ ያስተዋውቃታል።