«ዊት ብሬድ» ሙሉ ስንዴ አይደለም

አሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች፣ ከነጭ ዳቦ ሸሽታችሁ መልሳችሁ ነጭ ዳቦ እየገዛችሁ ነው። ሐኪሙ «ሙሉ ስንዴ ብሉ» ይላችኋል፤ እናንተም ሱቅ ገብታችሁ ቡናማውን፣ የስንዴ ዛላ የተሳለበትን፣ «ዊት ብሬድ» ወይም «ሃኒ ዊት» የሚለውን አንስታችሁ ትወጣላችሁ። ዊት እኮ ስንዴ ማለት ብቻ ነው። ፉርኖ ዱቄትስ ከምን ተሠራ? ከጤፍ ነው? የአሜሪካ ደንብ ራሱ ነጩን ዱቄት «ዊት ፍላወር» ብሎ መጥራትን ይፈቅዳል። «ሆል ዊት ብሬድ» ግን ሌላ ነው፤ በዚህ ስም የሚሸጥ ዳቦ ነጭ ዱቄት እንዲቀላቀልበት አይፈቀድም። ልዩነቱ ያለው «ሆል» በምትለው አንዲት ቃል ላይ ነው፤ እናንተ ደግሞ እሷን ነው የምትዘሏት።

ቡናማነቱንም አትመኑት። ሞላሰስ ወይም ካራሜል የተባለ ማቅለሚያ ጠብ ሲደረግበት ፉርኖውም ይጠቁራል።

ፌስታሉን ገልብጡና የተሠራበትን ዝርዝር አንብቡ። ዝርዝሩ በክብደት ቅደም ተከተል እንዲጻፍ ሕግ ያስገድዳል፤ በብዛት የገባው ፊት ይቀመጣል። በእነዚህ ዳቦዎች ላይ በብዛት የምታገኙት እንዲህ ያለ ነው፦ ኢንሪችድ ፍላወር፣ ውሃ፣ ሆል ዊት ፍላወር፣ ስኳር፣ እርሾ፣ ጨው። «ኢንሪችድ» ሲባል የበለፀገ ስለሚመስል ብዙ ሰው ደስ ብሎት ይገዛዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ፉርሽካውና የሚበቅለው እምብርት ከስንዴው ተለይቶ ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ብረትና አራት ዓይነት የቢ ቫይታሚኖች ተመልሰው ተጨምረውበታል። አሰሩ ግን አልተመለሰም። በ100 ግራም ነጭ ዱቄት ውስጥ 3 ግራም ገደማ አሰር ሲኖር፣ በሙሉ ስንዴው ከ10 ግራም በላይ አለ። ከዱቄቱ ስም ቀጥሎ በቅንፍ «ናያሲን፣ አይረን፣ ታያሚን» የሚል ካያችሁ ፉርኖ መሆኑን እወቁ።

«ሆል ዊትም እኮ ሦስተኛ ላይ አለ» ትሉ ይሆናል። እስቲ እናስላው። ዳቦ ጋጋሪ ለ100 ኪሎ ዱቄት 60 ኪሎ ገደማ ውሃ ያስገባል። ነጩ ዱቄት ከውሃው ቀድሞ ከተጻፈ ቢያንስ 60 ኪሎ ነው፤ እንግዲህ ሙሉው ቢበዛ 40 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። 40 ይሁን 5፣ ዝርዝሩ አይነግራችሁም። «አሥራ ሁለት እህል» የሚለው ዳቦ ደግሞ ይብሳል። ጨው ለ100 ኪሎ ዱቄት 2 ኪሎ ገደማ ነው የሚገባው። ማሽላው፣ አጃው፣ ተልባው ከጨው ኋላ ከተጻፈ እያንዳንዱ ከጨው ያነሰ ነው። «ከ2 ፐርሰንት በታች ይዟል» ከሚለው ሐረግ ወዲያ ያለውማ ቅደም ተከተሉን መጠበቅም አይገደድ፤ እህሉ ለወጉ የተበተነ ነው።

የመጀመሪያው ቃል «ሆል ዊት ፍላወር» ቢሆንም ወዲያው አትዝናኑ፤ ሌላ ዱቄት ተከትሎት እንደሆነ ወደ ታች ውረዱ። ሁለተኛው ኢንሪችድ ከሆነ ዳቦው እኩል ሊባል ለጥቂት የተረፈ ድብልቅ ሊሆን ይችላል። ወርቃማው «ሆል ግሬን» ማኅተምም ሦስት ዓይነት ነው። 100 ፐርሰንት የሚለው እህሉ ሁሉ ሙሉ ነው፤ ተራው ግን በአንድ ጊዜ መመገቢያው ውስጥ 8 ግራም ሙሉ እህል ካለ ይለጠፋል፣ የቀረው ፉርኖ ቢሆንም። ለልጆች በምትገዙት ሲርያል ላይ ደግሞ «ሆል ግሬን» መጀመሪያ ይጻፍና ስኳሩ ሁለተኛ ይከተላል፤ አንዳንዴም ስኳር፣ ኮርን ሲረፕ፣ ማር ተብሎ በሦስት ስም ስለሚከፋፈል ወደ ኋላ የቀረ ይመስላል። የእህሉ ቃል እውነት ነው፤ ጣፋጭነቱ ግን እዚያው አለ።

የስኳር ሕመም ላለባቸው እናትና አባቶች የምትገዙ ልጆች አንድ ነገር ያዙ፦ እውነተኛው ሙሉ ስንዴም ዱቄቱ ልም ከሆነ ደም ውስጥ ስኳርን የሚያወጣው ከነጩ ብዙም ባነሰ አይደለም። አሰሩና ቫይታሚኑ ይጠቅማል፤ ቁራሹን ሳይቆጥሩ መብላት ግን አልተፈቀደላቸውም።

በተቃራኒው ደግሞ «ዋይት ሆል ዊት» የሚል ገርጣ ያለ ዳቦ ስታዩ ፉርኖ ነው ብላችሁ ታልፉታላችሁ። እሱ ነጭ ከሚባለው የስንዴ ዝርያ ከነፉርሽካው የተፈጨ ነው። ዝርዝሩ በ«ዋይት ሆል ዊት ፍላወር» ከጀመረና ሌላ ዱቄት ካልተከተለው፣ ከዚያ ከጠቆረው «ሃኒ ዊት» ይልቅ ሙሉ ስንዴው እሱ ነው።